የአባቴ እግር ስንት ሴንቲ ነው?

አባቴ የሚኖሩት ሰቆጣ ነው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ዛሬም ግን ቀኑን ሙሉ በእግራቸው ይዞራሉ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ገበያ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብላ ያለችውን የገብስ ማሳ ለማየት ዳገቱን ወጥተው ቁልቁለቱን ይወርዳሉ። የዋግ ኽምራን ተራሮች ያየ ሰው እዚያ አገር ጫማ ምን ያህል እንደሚፈተን ያውቃል። ዳገት ላይ ተረከዝ ይጎተታል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ እግር ወደ ፊት ይንሸራተትና ጣት የጫማውን አፍንጫ ይመታል።

የዛሬ ሁለት ዓመት ሜሪላንድ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ለአባታችን ጫማ ልትልክ አሰበች። ደውላ «አባዬ፣ ስንት ቁጥር ነው የሚያደርጉት?» አለቻቸው። «41» አሏት፤ ከወጣትነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት ቁጥር ነው። እህቴ በኢንተርኔት ከሚሸጥ መደብር ሰንጠረዡን አየች፤ የአውሮፓ 41 በአሜሪካ የወንዶች ቁጥር 8 ነው ይላል። 8 ቁጥር አዘዘች፤ ጫማው መጣ፤ ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ተላከ፤ ከአዲስ አበባ ደግሞ በሌላ ሰው እጅ ሰቆጣ ደረሰ። አባቴ ጠዋት ቁርስ ሳይበሉ ለኩትና «ልክክ አለ» ብለው መረቁን።

ከወር በኋላ የቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ጥፍር ጠቆረ፤ ከሥሩም ቆሰለ። እሳቸው ግን አላወቁም። አባቴ የስኳር ሕመም ካገኛቸው ዓመታት አልፈዋል። ስኳር ለረጅም ጊዜ ሲቆይ የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል፤ ጫማ ሲጠብ ሌላው ሰው የሚሰማው ሕመም ለእነሱ አይሰማም። ቁስሉን ያየችው ለክትትል ሲሄዱ ካልሲያቸውን ያስወለቀቻቸው ነርስ ናት። «ጫማዎ ይጠብዎታል» ስትላቸው «ኧረ አይጠበኝም!» ብለው ተከራከሩ። ቁስሉ እስኪድን ሁለት ወር ያህል ፈጀ። በስኳር ሕመምተኛ እግር ላይ እንዲህ ያለ ቁስል ካልዳነ እስከ መቆረጥ ሊያደርስ እንደሚችል እኛም ያኔ ነው በደንብ የገባን።

ጥፋቱ የጫማ ሠሪው አይደለም፤ የእኛ ነው። የላክነው ቁጥር እንጂ የእግር ልክ አልነበረም። ዘንድሮ ሌላ ጫማ ስናዝዝ ምን እንዳደረግን ልንገራችሁ፤ ዘመድ ከውጭ ጫማ ለሚልክላችሁም፣ ራሳችሁ ለምታዝዙም ይጠቅማል።

ለምን ማታ?

ቀኑን ሙሉ ስንቆምና ስንሄድ በሰውነታችን ውስጥ ያለው ፈሳሽ በክብደቱ ወደ ታች ይወርዳል። ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ የደም ሥሮች ሰፋ ይላሉ። ስለዚህ እግር ማታ ከጠዋቱ ይወፍራል፤ ሌሊት ተኝተን ስናድር ፈሳሹ ይመለስና ጠዋት እንደገና ይቀጥናል። ለውጡ በይበልጥ የሚታየው በእግር ስፋትና ከፍታ ላይ ነው።

ርዝመት ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ተቀምጠን ሳለ የውስጥ እግራችን ቅስት ከፍ እንዳለ ነው። ስንቆም የሰውነታችን ክብደት ቅስቱን ይጫነዋል፤ እግሩም ጥቂት ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ስለዚህ ሕጉ ማታ መለካት ብቻ አይደለም፤ ማታና ቆሞ መለካት ነው።

ጥቂት ሚሊ ሜትር ምን ያመጣል? የአውሮፓ አንድ ቁጥር ማለት 6.7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የአሜሪካና የእንግሊዝ ግማሽ ቁጥር ደግሞ 4.2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አባቴን ጠዋት ተቀምጠው ብንለካቸው ቀኝ እግራቸው 25.7 ሴንቲ ነው። ማታ ቆመው ሲለኩ 26.2 ሆነ። ልዩነቱ 5 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ከግማሽ ቁጥር በላይ ነው። ጠዋት «ልክክ» ያለው ጫማ ከሰዓት በኋላ ቁልቁለት ላይ ለምን ጣት እንደነካ አሁን ግልጽ ነው።

ማታ የሚያብጥ እግር ሁሉ ግን ጤናማ ነው ማለት አይደለም። በአውራ ጣት ሲጫኑት ስርጉድ ብሎ የሚቀር፣ አድሮም የማይጎድል፣ ወይም አንዱን እግር ብቻ ለይቶ የሚያብጥ ከሆነ ከጫማ በፊት ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

አለካኩ

የለካችው ከአባቴና ከእናቴ ጋር የምትኖረው የእህቴ ልጅ ናት፤ እኔ ከአዲስ አበባ በስልክ እየመራኋት። አባቴ ገበያ ውለው ሲመለሱ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ጠበቅናቸው። ጫማቸውን አውልቀው አምስት ደቂቃ ያህል አረፉ፤ የካልሲው ማሰሪያ የፈጠረው ስርጉድ እስኪጠፋ ማለት ነው።

መጀመሪያ ያገኘነው ችግር ወለሉና ግድግዳው ነበር። ምንጣፍ ላይ እግር ስለሚሰምጥ ልኩ ያጥራል። ግድግዳውም በጭቃ የተመረገ ስለሆነ ወጣ ገባ ነው። በከተማ ቤት ደግሞ ግድግዳው ሥር ያለው ዞኮሎ ተረከዝን ከግድግዳው ያርቀዋል። ስለዚህ ግድግዳውን ተውነው። ወረቀቱን ጠንካራ ጣውላ ላይ አነጠፍንና ከተረከዛቸው ኋላ አንድ ወፍራም ደብተር ቀጥ አድርገን አቆምን። አባቴ በሁለቱም እግራቸው እኩል ቆሙ፤ ጎንበስ ብለው እንዳያዩም ነገርናቸው። ሰው ሲያጎነብስ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል። ከዚያ ሁለተኛ ደብተር ከፊት አምጥታ ረጅሙን ጣት ብቻ እስኪነካ ድረስ ቀስ ብላ አስጠጋችና ሁለቱ ደብተሮች ያረፉበትን መስመር ምልክት አደረገች።

ብዙ ሰው እግሩን በእርሳስ ዙሪያውን ይሥላል። ለርዝመት ይህን አልመክርም። እርሳስ ራሱ ውፍረት አለው፤ ቀጥ ቢል ልኩን ያስረዝማል፤ ወደ ውስጥ ቢያጋድል ደግሞ እግር ሥር ገብቶ ያሳጥራል። ረጅሙ ጣት ሁልጊዜ አውራ ጣት አለመሆኑንም አስታውሱ። ሁለተኛው ጣቱ የሚበልጥ ሰው ብዙ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ማስመሪያው ላይ ነው። ልጅቷ መጀመሪያ የነገረችኝ ቁጥር 25.7 ነበር። «ዜሮው የት ነው ያለው?» አልኳት። የትምህርት ቤት ማስመሪያ ከጫፉ ጀምሮ ጥቂት ባዶ ቦታ አለው፤ ዜሮው ከዚያ በኋላ ነው። እሷ ግን የለካችው ከጫፉ ነበር። ከዜሮው ስትጀምር 26.2 ሆነ። የልብስ ሰፊ ሜትርም ሲያረጅ ይለጠጣል። መሣሪያችሁን ለማረጋገጥ ቀላሉ መንገድ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ነው። ኤ4 ወረቀት በየትም አገር ርዝመቱ 29.7፣ ወርዱ 21 ሴንቲ ነው። ሜትራችሁ ይህን ካላነበበ እግራችሁንም በትክክል አያነብም።

የግራ እግራቸው 25.9፣ የቀኙ 26.2 ሆነ። የሰው ሁለት እግር እኩል አለመሆኑ የተለመደ ነው፤ የሚታዘዘው ሁልጊዜ ለትልቁ ነው። በመጨረሻ እግሩ በጣም የሚሰፋበትን ቦታ፣ ማለትም የአውራ ጣትና የትንሿ ጣት መነሻ ጉብታዎችን ጎንና ጎን ለካን፤ 10.6 ሴንቲ ወጣ። ከልጅነታቸው ጀምሮ በባዶ እግራቸውና በበረባሶ ያደጉ ሰዎች የፊት እግራቸው ሰፋ ማለቱ የታወቀ ነው፤ አባቴም ከእነሱ አንዱ ናቸው።

ቁጥሩ ከየት መጣ?

እኛ አገር «41 ቁጥር» ስንል የምንጠቀመው የአውሮፓን አቆጣጠር ነው። ይህን ያወጡት የፈረንሳይ ጫማ ሠሪዎች ናቸው። አንዱ ቁጥር የአንድ ሴንቲ ሁለት ሦስተኛ ነው። የእንግሊዝና የአሜሪካው ደግሞ መነሻው ገብስ ነው። በጥንቱ የእንግሊዝ ልማድ ሦስት የገብስ ፍሬ በርዝመቱ ሲደረደር አንድ ኢንች ይባል ነበር፤ እስከ ዛሬ አንድ የጫማ ቁጥር ማለት አንድ የገብስ ፍሬ፣ የኢንች ሲሶ ነው። ይህን ስነግራቸው አባቴ «ታዲያ የእኔ እግር ስንት ገብስ ነው?» ብለው ሳቁ።

ዋናው ነገር እነዚህ አቆጣጠሮች የሚለኩት እግርን አለመሆኑ ነው። የሚለኩት ጫማው የሚሠራበትን የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ቅርጽ ነው። ቅርጹ ከእግር አንድ ሴንቲ ተኩል ያህል ይረዝማል፤ ያ ትርፍ የጣት መንቀሳቀሻ ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ የአውሮፓ ቁጥራችሁን ለማስላት የእግራችሁን ርዝመት በሴንቲ ያዙ፤ 1.5 ጨምሩበት፤ ውጤቱን በ1.5 አባዙ። የአባቴ እግር 26.2 ሲደመር 1.5፣ 27.7 ይሆናል፤ በ1.5 ሲባዛ 41.55 ነው። 41 አልበቃም፤ 42 ነው።

ይህ ስሌት ግምት ነው እንጂ የመጨረሻ ቃል አይደለም። እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱን ትርፍ ይወስናል። ለምሳሌ ናይክና አዲዳስ ሁለቱም 26.5 ሴንቲ ብለው ለሚጽፉበት የወንድ ጫማ EU 42 እና US 8.5 ይላሉ። የእንግሊዙ ላይ ግን ይለያያሉ፤ የናይኩ UK 7.5 ሲሆን የአዲዳሱ UK 8 ነው። እግሩ አንድ፣ ቁጥሩ ሁለት። ሁለቱ የሚስማሙት ሴንቲው ላይ ነው። ሰንጠረዡ ላይ CM ወይም JP የሚለው ረድፍ የጫማውን ሳይሆን የእግሩን ርዝመት ያመለክታል። የቻይና ሻጮች የሚጽፉት 265 የሚል ቁጥርም ያው 26.5 ሴንቲ በሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ከአንዱ አቆጣጠር ወደ ሌላው መመንዘሩን ትታችሁ በቀጥታ ከሴንቲው ረድፍ ጀምሩ፤ ከዚያ በዚያው መስመር ላይ ያለውን US ወይም UK እዘዙ። ሰንጠረዡም የዚያው ፋብሪካ፣ የዚያው ጫማ ይሁን እንጂ ከሌላ ቦታ የተገኘ አይሁን።

አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ ሻጮች የሚጽፉት የእግርን ሳይሆን የጫማውን የውስጠኛ ሶል ርዝመት ነው። እዚያ 26.5 ካለ ጫማው የሚሆነው 25 ወይም 25.5 ሴንቲ ለሆነ እግር ነው። ሰንጠረዡ የትኛውን እንደሚል ካልገለጸ ሳታዝዙ ጠይቁ።

ሜሪላንድ ላይ የተደረገው

እህቴ ሴንቲውን ይዛ የጫማውን ሰንጠረዥ ከፈተች። ከ26.2 የማያንሰው የመጀመሪያ ረድፍ 26.5 ነበር። አባቴ ግን ወፍራም ካልሲ ያደርጋሉ፤ ቁልቁለትም ይወርዳሉ። ስለዚህ የ26.5 እና የ27 ሴንቲ፣ ሁለት ጫማ አዘዘች። እሷ የገዛችበት መደብር በ30 ቀን ውስጥ ያልተለበሰ ጫማ ስለሚቀበል አንዱን መመለስ ቀላል ነው። ከሰቆጣ መመለስ ግን የማይታሰብ ነው። ለዚህ ነው ማረጋገጫው ባሕር ሳይሻገር በፊት መደረግ ያለበት።

ስለ ስፋቱም አሰበች። ጫማ ሲጠብ ብዙ ሰው አንድ ቁጥር ይጨምራል። ያኔ ርዝመቱ ይበዛና ተረከዝ ይላወሳል፤ ለደነዘዘ እግር የሚላወስ ጫማም እንደሚጠብ ጫማ ያቆስላል። መፍትሔው ሰፊ ጫማ በዚያው ርዝመት ማዘዝ ነው። በአሜሪካ የወንዶች ጫማ መደበኛው ስፋት D ይባላል፤ ሰፊው 2E ነው። እሷም ሁለቱንም በ2E አዘዘች።

ጫማዎቹ ሲመጡ የውስጠኛ ሶሎቻቸውን አውጥታ ለካች። የአንዱ 27.0፣ የሌላው 27.5 ሴንቲ ሆነ። የምንፈልገው ከረጅሙ ጣት ፊት ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ክፍተት ነው። በመጀመሪያው 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ይተርፋል፤ በሁለተኛው 1.3 ሴንቲ። የመጀመሪያውን መለሰች፤ ሁለተኛውን ላከች።

ሰቆጣ ሲደርስ የልኩን ፍርድ ለአባቴ ስሜት አልተውነውም። እግራቸው አይነግራቸውምና። ማታ ሶሉን አውጥተን መሬት ላይ አስቀመጥንና ካልሲ አድርገው ቆሙበት። ተረከዛቸው ከሶሉ ኋላ ጋር ተስተካከለ፤ ከጣታቸው ፊት የአውራ ጣት ውፍረት ያህል ባዶ ቦታ ታየ፤ በጎንም ሥጋ ከሶሉ አልወጣም። በመጀመሪያው ሳምንት ቤት ውስጥ በቀን አንድ ሁለት ሰዓት ብቻ አደረጉት፤ ልጅቷም በየማታው ካልሲያቸውን አስወልቃ ቀይ ቦታ መኖር አለመኖሩን አየች። የስኳር ሕመምተኛ ወላጅ ያላችሁ ይህን አትዝለሉት።

ለእናትና ለልጅ ስታዝዙ

የአሜሪካ የሴቶች ቁጥር ከወንዶቹ በ1.5 ያህል ይበልጣል። የአባት 8.5 በስህተት ከሴቶች ገጽ ቢታዘዝ የሚመጣው እንደ ወንዶች 7 ያለ ጫማ ነው። ስለዚህ መልእክታችሁ ላይ ወንድ ወይም ሴት ብላችሁ ጻፉ። የልጆች ቁጥር ደግሞ 13 ወይም 13.5 ደርሶ እንደገና ከ1 ይጀምራል፤ የጨቅላ 2 እና የስምንት ዓመት ልጅ 2 አንድ አይደሉም። የልጅ እግር ስለሚያድግም ጫማው መቼ እንደሚደርስ አስቡ፤ መንገደኛው የሚመጣው ከሦስት ወር በኋላ ከሆነ ዛሬ የለካችሁት ልክ ያን ጊዜ አይሠራም። ለልጅ የመንገደኛው ቀን ሲቃረብ መለካት ይሻላል።

እኛ ለእህቴ የላክነው መልእክት ይህን ይመስላል፦ «ወንድ፤ ግራ 25.9፣ ቀኝ 26.2 ሴንቲ፤ ስፋት 10.6፤ ማታ ቆመው፣ ያለ ካልሲ የተለካ፤ ወፍራም ካልሲ ያደርጋሉ፤ ቁልቁለት ይሄዳሉ።» ውስጡ የጫማ ቁጥር የለበትም። ቁጥሩን የምትመርጠው ሰንጠረዡ ፊት የተቀመጠችው እሷ ናት።

አባቴ አዲሱን ጫማ ካደረጉ አራት ወር ሆናቸው። ጥፍራቸው ሙሉ በሙሉ አድጓል። ባለፈው ሳምንት ስደውል ከማሳቸው እየተመለሱ ነበር። «ጣትዎ እንዴት ነው?» ስላቸው «እኔ ምን አውቃለሁ? ማታ ልጅቷ ታየዋለች» አሉኝ።